ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ሳይሆን ከሪሲቨሩ ይውሰዱት

«ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ነርስ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገብቶ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይተኛል፤ መኝታው ከሳሎናችን የሚለየው በመጋረጃ ብቻ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ ስለምውል ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። ቴሌቪዥናችን ብሉቱዝ የለውም፤ የምናየውም በዲሽ ነው። ከፒያሳ ትንሽ የብሉቱዝ ማስተላለፊያ ገዝቼ ዩኤስቢው ላይ ብሰካው ምንም ድምፅ የለም። ጎረቤታችን በሄድፎን ቀዳዳው በኩል ሲያገናኝልኝ ድምፁ መጣ፤ ግን ተናጋሪው አፉን ካንቀሳቀሰ በኋላ ነው የሚደርሰኝ። የቴሌቪዥኑን የድምፅ ማዘግያ ብነካካው ባሰበት። ዕቃውን ልመልሰው ወይስ መላ አለው?»
ከማራኪ፣ ጎንደር

ውድ ጠያቂያችን፣

ዕቃውን ገና አይመልሱት። ከጻፉልን እንደምንረዳው ማስተላለፊያው ጤነኛ ነው፤ መለወጥ ያለበት ድምፁ የሚቀዳበት ቦታ ነው። ማስተላለፊያውን ከቴሌቪዥኑ ነቅለው ከዲሽ ሪሲቨሩ ጀርባ ቢያገናኙት መዘግየቱ በግልጽ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ገመድ ቢላቀቅ ወይም የሄድፎኑ ባትሪ ቢያልቅ ቴሌቪዥኑ በድንገት ጮኾ ባለቤትዎን አይቀሰቅስም። ይህ ሁለተኛው ጥቅም በእኔ ግምት ከመጀመሪያው አይተናነስም፤ ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ።

የዩኤስቢው ጉዳይ አጭር ነው። የቴሌቪዥን ዩኤስቢ ፍላሽ ለማንበብና ለትንንሽ ዕቃዎች ኤሌክትሪክ ለመስጠት የተሠራ እንጂ ድምፅ የሚወጣበት በር አይደለም። ማስተላለፊያዎ እዚያ ላይ ሲሰካ መብራቱ መታየቱ ኃይል ማግኘቱን ብቻ ያሳያል። ድምፁ ሁልጊዜ በሌላ ገመድ መግባት አለበት።

አሁን ወደ መዘግየቱ እንምጣ። ብሉቱዝ ድምፅን እንዳለ አይልክም። ማስተላለፊያው መጀመሪያ ድምፁን ይጨምቀዋል፤ ከዚያም በትንንሽ ጥቅል እየከፋፈለ ይልከዋል፤ ሄድፎኑ ደግሞ የተቀበለውን ወዲያው አያሰማም፤ ጥቂት ጥቅሎች እስኪጠራቀሙለት ይጠብቃል። አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው በዚህ ጥበቃ ነው፤ ሆኖም ጥበቃው ያለ ምክንያት አልተጨመረም፤ አንድ ጥቅል በመንገድ ቢጠፋ እንደገና እስኪላክ ድረስ የሚሰማ ነገር እንዳይቋረጥ የተቀመጠ ስንቅ ነው። ሁሉም የብሉቱዝ ሄድፎን የሚያውቀው ኤስቢሲ የሚባለው የጭመቃ ዘዴ በጥቅሉ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ ይህም የአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። ከማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው አይተው ያውቁ ከሆነ መጥረቢያው እንጨቱን ከመታ በኋላ ድምፁ ዘግየት ብሎ ይደርሳል። 200 ሚሊሰከንድ ማለት ፈላጩ ከእርስዎ ወደ 70 ሜትር ርቆ እንደ ቆመ ነው፤ ዜና አንባቢዋ ግን ሦስት ሜትር ላይ ስለምትታይ ዓይንና ጆሮ አይስማሙም።

ሰው ምን ያህሉን መዘግየት እንደሚያስተውል የተጠና ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው የብሮድካስት ምክረ ሐሳብ መሠረት ድምፅ ከምስል ቀድሞ ከመጣ 45 ሚሊሰከንድ ላይ፣ ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ 125 ሚሊሰከንድ ላይ መታወቅ ይጀምራል። ከምስል የዘገየ ድምፅን በይበልጥ የምንታገሠው ከማዶ የሚመጣ ድምፅ ሁልጊዜ ስለሚዘገይ ጆሯችን ስለለመደው ይመስለኛል። ስለዚህ የእኛ ግብ መዘግየቱን ፈጽሞ ማጥፋት አይደለም፤ ወደ 125 ሚሊሰከንድ አካባቢ ማውረድ ይበቃናል።

የቴሌቪዥኑ ማዘግያ ለምን እንዳባሰው ከዚህ ይገባዎታል። በቅንብሩ ውስጥ «Audio Delay» ወይም «AV Sync» ተብሎ የሚታየው ነገር በአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ድምፅን ወደ ኋላ ብቻ ይገፋል። የተሠራው ድምፁ ከምስሉ ለሚቀድምባቸው ቤቶች ነው፤ የእርስዎ ድምፅ አስቀድሞ ስለዘገየ ቁጥሩን በጨመሩ መጠን ይብሳል። እባክዎ ወደ ዜሮ ይመልሱትና ይተዉት። እርስዎ የሚፈልጉት በተቃራኒው ምስሉን የሚያዘገይ ነገር ነው፤ ደስ የሚለው ይህ በቤትዎ ውስጥ አስቀድሞ መኖሩ ነው።

ዘመናዊ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ከሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ የመጣለትን ምስል ወዲያው አያሳይም። ምስሉን ወደ ራሱ መጠን ያሰፋዋል፣ ያጠራዋል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሰዋል፤ ይህ ሁሉ ከጥቂት አሥር ሚሊሰከንድ እስከ መቶና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከንፈርና ድምፅ እንዲገጥሙም ቴሌቪዥኑ የራሱን ድምፅ በዚያው ልክ አቆይቶ ወደ ስፒከሩና ወደ ሄድፎን ቀዳዳው ይለቃል። እርስዎ ከሄድፎን ቀዳዳው ሲቀዱ አንድ ጊዜ የዘገየ ድምፅ ይወስዱና ብሉቱዙ ሁለተኛ መዘግየት ይጨምርበታል። ሪሲቨሩ ግን ድምፁን በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲልክ በዚያችው ቅጽበት በቀይና በነጭ ቀዳዳዎቹም ያወጣዋል። ከእዚያ ከቀዱት ቴሌቪዥኑ ምስሉን እስኪያሰናዳ ድረስ የእርስዎ ድምፅ በብሉቱዙ መንገድ ላይ ይሆናል፤ ምስሉ የሚያጠፋው ጊዜ ከብሉቱዙ መዘግየት ላይ ይቀነስልዎታል።

ሁለቱን አገናኘት በራሴ ቤት ለክቼ ስለማውቅ ቁጥሩን ልስጥዎት። የኳስ ጨዋታ ከፍቼ ሄድፎኑን ከስልኬ ማይክሮፎን ጋር አጣብቄ ቴሌቪዥኑን ቪዲዮ ቀረጽኩት፤ ከዚያም በስልኩ የቪዲዮ ማረሚያ ላይ የበረኛው እግር ኳሷን የነካበትን ምስልና የምቱ ድምፅ የተሰማበትን ምስል ፈልጌ በመካከላቸው ያሉትን ፍሬሞች ቆጠርኩ። ስልኩ በሰከንድ 30 ፍሬም ስለሚቀርጽ እያንዳንዱ 33 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ማስተላለፊያው ከቴሌቪዥኑ ሄድፎን ቀዳዳ ላይ ሳለ ሰባት ፍሬም፣ ማለትም ወደ 230 ሚሊሰከንድ ዘገየ። ያንኑ ማስተላለፊያና ያንኑ ሄድፎን ወደ ሪሲቨሩ ሳዛውረው አራት ፍሬም፣ ማለትም ወደ 130 ሆነ። በእርስዎ ቤት ቁጥሩ ከዚህ ይለያል፤ የቴሌቪዥኑ አሠራር ይወስነዋል። ሆኖም መቶ ሚሊሰከንድ ያህል ያለ አንዳች ወጪ መገኘቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዜና ስመለከትም ልዩነቱን መፈለግ እስኪያስፈልገኝ ድረስ ረስቼዋለሁ።

አገናኘቱ እንዲህ ነው። ሁሉንም ያጥፉና የሪሲቨሩን ጀርባ ይመልከቱ። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ክብ ቀዳዳዎች ካሉት ቢጫው የምስል ስለሆነ አያስፈልግዎትም፤ ቀዩ የቀኝ፣ ነጩ የግራ ድምፅ ነው። የሚያስፈልገው ገመድ በአንድ ጫፉ ቀይና ነጭ መሰኪያ፣ በሌላው ጫፉ ከተራ ሄድፎን ጋር የሚመሳሰል ቀጭን ጃክ ያለው ነው። ስፒከርን ከስልክ ጋር ለማገናኘት የሚሸጠው ገመድ ይኸው ነው፤ በአራዳ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችም ቢጠይቁ «ሁለት በአንድ» ብለው ያቀርቡልዎታል። ቀይና ነጩን ሪሲቨሩ ላይ፣ ጃኩን ማስተላለፊያው ላይ ይሰኩ። ኤችዲኤምአዩ እንደ ነበረ ይቆይ፤ ምስሉ የሚመጣው በእርሱ ነው፤ አብዛኞቹ ሪሲቨሮችም በሁለቱም መንገድ በአንድ ጊዜ ያወጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይጠንቀቁ። አዳዲስ ትንንሽ ሪሲቨሮች ሦስቱን ክብ ቀዳዳዎች ትተው «ኤቪ» የተባለ አንድ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ያደርጋሉ፤ ቀዳዳውም ከሄድፎን ቀዳዳ ጋር አንድ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ድምፅና ምስል አብረው ነው ያሉት፤ ተራ የሄድፎን ገመድ ከሰኩበት ከአንዱ ጆሮ የማያቋርጥ ጩኸት ሊመጣ ወይም አንዱ ወገን ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ከሪሲቨሩ ጋር ከካርቶኑ የወጣውን፣ በአንድ ጫፉ ሦስት ባለ ቀለም መሰኪያ ያለውን ገመድ ይጠቀሙ፤ ከቀይና ከነጭ ጫፎቹም በማያያዣ ወደ ማስተላለፊያው ይሂዱ። ገመዱ ከጠፋብዎ ሌላ ሲገዙ ሪሲቨሩን ይዘው ሄደው ሱቁ ውስጥ ይሞክሩት፤ የቀለበቶቹ አደራደር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ መልኩ ቢመሳሰልም ቀዩ ላይ የምስል ጩኸት የሚያወጣ ገመድ ያጋጥማል።

ከዚያ ቴሌቪዥኑን ዝም ማሰኘት ነው። የድምፅ መዝጊያውን ቁልፍ ብቻ ተጭነው አይተዉት። ብዙ ቴሌቪዥኖች ጠፍተው ሲበሩ ወይም ሌላ ሰው የቮሊዩም ቁልፍ ሲነካ ዝምታውን ይረሱታል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ይህ የሚሆነው እርስዎ ልብስ ስፌት ላይ ሳሉ ነው። ይልቁንም በቴሌቪዥኑ ሪሞት ቮሊዩሙን እስከ ዜሮ ያውርዱት፤ ያንን አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ያስታውሳሉ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከዚያ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ቻናል የሚቀይሩት በሪሲቨሩ ሪሞት ስለሆነ አይቸገሩም። በመጨረሻም የሪሲቨሩን ድምፅ ከሙሉው ሦስት አራተኛ ያህል ላይ አድርገው ማሳነስና ማሳደጉን በሄድፎኑ ቁልፍ ይሥሩ። ሪሲቨሩን ዝቅ አድርገው ሄድፎኑን እስከ ጫፍ ከከፈቱት የማስተላለፊያው የሹክሹክታ ድምፅ ከንግግሩ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ሪሲቨሩን እስከ መጨረሻው ከከፈቱት ደግሞ ጠንከር ያለ ድምፅ ሲመጣ ይሰነጠቃል።

ቀደም ሲል ከመዘግየቱ አይተናነስም ያልኩት ጥቅም ያለው እዚህ ነው። ድምፅን ከቴሌቪዥኑ ሄድፎን ቀዳዳ ሲቀዱ ቴሌቪዥኑ ዝም የሚለው በአብዛኛው ጃኩ ስለተሰካ ብቻ ነው፤ ገመዱ ከተሳበና ጃኩ ከተላቀቀ ስፒከሩ በነበረበት ቮሊዩም ይከፈታል። የራሳቸው ብሉቱዝ ያላቸው ቴሌቪዥኖችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ የሄድፎኑ ባትሪ ሲያልቅ ግንኙነቱ ይቋረጥና ድምፁ ወደ ስፒከሩ ይመለሳል። እናቴ ከሕመም ስታገግም በነበረችበት ወቅት ይህ በእኛ ቤት ደርሶ ከስንት ሰዓት በኋላ የያዛትን እንቅልፍ አጥፍቶባታል፤ ከዚያ ወዲህ ነው ሲበላሽ ዝም የሚል አገናኘት ብቻ የምመርጠው። በሪሲቨሩ መንገድ ባትሪ ቢያልቅ፣ ገመድ ቢላቀቅ፣ ማስተላለፊያው ቢቃጠል የሚሆነው አንድ ነገር ነው፤ ድምፅ ይጠፋል።

ሄድፎኑና ማስተላለፊያው አስቀድመው ስለተዋወቁ በራሳቸው ይገናኛሉ። ከጠፋፉ ግን መልሶ ማጣመሩ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ማስተላለፊያው ስክሪን ስለሌለው ከስም ዝርዝር መምረጥ አይቻልም፤ በአቅራቢያው መጀመሪያ ያገኘውን ዕቃ ይይዛል። ስለዚህ መጀመሪያ የስልክዎን ብሉቱዝ ያጥፉ፤ ሄድፎኑ ሲበራ ቶሎ ብሎ የሚሄደው ወደ ለመደው ስልክ ነው። ከዚያ ሁለቱን ዕቃዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው የሁለቱንም ማጣመሪያ ቁልፍ መብራታቸው ቶሎ ቶሎ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ይጫኑ፤ እስከ አንድ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። መብራቱ ረግቶ ሳለ በጆሮዎ ምንም ካልሰሙ ማስተላለፊያው የጎረቤትን ስፒከር ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ግቢ ይህ እውነተኛ ነገር ነው። ያጥፉትና ከግድግዳው ራቅ ብለው ይድገሙት። በጎኑ ላይ ማብሪያ ካለውም «ቲኤክስ» የሚለው ላይ መሆኑን ይዩ፤ ያ መላኪያ ነው፤ «አርኤክስ» መቀበያ ነው። ማብሪያው የሌላቸው ርካሽ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ መቀበያ ብቻ ስለሆኑ ቴሌቪዥን ላይ ቢሰኳቸው አይሠሩም፤ የእርስዎ ግን ድምፅ ስለላከ በዚህ አይስጉ።

ካገናኙ በኋላ «ዝዝዝ» የሚል ዝቅተኛ ድምፅ ከተሰማዎ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ማስተላለፊያው ኤሌክትሪኩን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ፣ ድምፁን ደግሞ ከሪሲቨሩ ማግኘቱ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች በኤችዲኤምአይም ስለተያያዙ መሬት የሚባለው ሽቦ ክብ ይሠራና የመብራቱ ርግብግቢት ወደ ድምፁ ይገባል። ለማረጋገጥ የዩኤስቢ ገመዱን ይንቀሉ፤ ማስተላለፊያው የራሱ ባትሪ ካለው መሥራቱን ይቀጥላል፤ ጩኸቱ ከጠፋ ምክንያቱን አገኙ። ከዚያ በኋላ በተለየ የስልክ ቻርጀር ወይም በፓወር ባንክ ይስጡት። ፓወር ባንኩ መብራት ሲቆራረጥም ይረዳል፤ ሪሲቨሩ ሲነሣ ማስተላለፊያው አስቀድሞ ከሄድፎኑ ጋር ተገናኝቶ ይጠብቀዋል።

ድምፁ በየመሐሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ቦታውን ይለውጡ። ብሉቱዝ የሚሠራው እንደ ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ስለሆነ ማስተላለፊያው ከዋይፋዩ ሳጥን አጠገብ ሲቀመጥ ይረበሻል፤ አንድ ሜትር ያህል ማራቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተደብቆ ከሆነም አውጥተው ከፊት ለፊት ያስቀምጡት፤ የቴሌቪዥኑ ብረት ሞገዱን ይጋርደዋል። የሰው ገላም ብዙ ውኃ ስላለበት ይጋርዳል፤ ጀርባዎን ሰጥተው ሲሰፉ የሚቆራረጥ፣ ዞረው ሲቀመጡ የሚስተካከል ከሆነ መንስኤው ይህ ነው።

ምስሉን ትንሽ ለማዘግየት አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ። በቴሌቪዥኑ የምስል ቅንብር ውስጥ «Game Mode» በርቶ ከሆነ ያጥፉት፤ እርሱ ምስሉን ለማፋጠን የተሠራ ስለሆነ ያገኘነውን መቶ ሚሊሰከንድ መልሶ ይወስድብናል። ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ ግን ምስሉ ቢዘገይ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የከንፈሩ መዘግየት አሁንም የሚያስቸግርዎ ከሆነ ቀሪው መፍትሔ ዕቃ መለወጥ ነው። አፕትኤክስ ሎው ሌተንሲ የሚባለው የጭመቃ ዘዴ መዘግየቱን ወደ 40 ሚሊሰከንድ ያወርደዋል፤ ነገር ግን ማስተላለፊያውም ሄድፎኑም ሁለቱም ያንኑ ማወቅ አለባቸው። አንዱ ብቻ ካወቀው ሁለቱም ተስማምተው ወደ ኤስቢሲ ይወርዳሉ፤ ምንም ማስጠንቀቂያም አይሰጡም። በካርቶኑ ላይ «አፕትኤክስ» ብቻ መጻፉም አይበቃም፤ ተራው አፕትኤክስና ሎው ሌተንሲ የተባለው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱን አጣምሮ ለማግኘት ገንዘብም ፍለጋም ስለሚጠይቅ ለዜናና ለተከታታይ ድራማ ይህን ያህል መሄድ አስፈላጊ ነው ብዬ አልመክርዎትም።

በምትኩ አንድ የድሮ መንገድ ልጠቁምዎ። እርስዎ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቦታ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰው ነዎት። ከሪሲቨሩ ከሚወጣው ጃክ እስከ ስፌት መኪናዎ የሚደርስ አምስት ሜትር የሄድፎን ማራዘሚያ ገመድ መዘግየቱን ፈጽሞ ያጠፋዋል፤ ባትሪም አይፈልግም። ሁለት ጉድለቶች ግን አሉት፤ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ስለሚያዘገይ ድምፁ ከምስሉ ሊቀድምብዎ ይችላል፤ ደግሞም የሪሲቨሩ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች ለማጉያ የተሠሩ ስለሆኑ ተራ ሄድፎን ላይ ድምፁ ዝቅ ይልብዎታል፤ ለመሞከር ግን ወጪው ትንሽ ነው። እንዲያውም ከቴሌቪዥኑ የሄድፎን ቀዳዳ በገመድ መውሰድ በምስልና በድምፅ መግጠም ረገድ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የጃኩን መላቀቅ ግን ከላይ እንደ ነገርኩዎ ቮሊዩሙን ማስታወስ ይጠይቃል። ከመቀመጫዎ እየተነሡ ወደ ማጀት የሚመላለሱ ከሆነ ግን ገመዱ እግር ስለሚጠልፍ ብሉቱዙ ይሻልዎታል።

የሪሲቨሩ መንገድ አንድ ገደብ አለው። የሚሰሙት በዲሽ የሚመጣውን ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ራሱ በሚከፍተው ዩቲዩብ ወይም ፍላሽ ላይ ያለ ፊልም ድምፁ በሪሲቨሩ በኩል ስለማያልፍ በሄድፎኑ አይመጣም። እንዲያ ሲያስፈልግዎ ጃኩን ከማስተላለፊያው ጎን ነቅለው ቀደም ሲል ጎረቤትዎ በሠሩበት የቴሌቪዥን ቀዳዳ በኩል ይቀጥሉ፤ መዘግየቱ ይመለሳል፤ የቴሌቪዥኑን ቮሊዩምም በዚያው ሰዓት ከፍ ማድረግ ሊኖርብዎ ስለሚችል ጃኩን ከመንቀልዎ በፊት ወደ ዜሮ መመለሱን አይርሱ።

ባለቤትዎ በሚያርፍበት ቀን፣ ነቅቶ ሳለ፣ አንድ ፍተሻ አብራችሁ አድርጉ። እርሱ አልጋው ላይ ይጋደም፤ መጋረጃው ይዘጋ፤ የስፌት መኪናው ይቁም፤ እርስዎ በመቀመጫዎ ሄድፎኑን አድርገው ድምፁን ቀስ በቀስ ያሳድጉት፤ እርሱ የሚነጋገር ሰው ድምፅ መስማት በጀመረበት ጊዜ ይንገርዎት። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ዝግ ሄድፎን ከሆነ ወይም ጆሮ ውስጥ የሚገባ ከሆነ እርሱ ሳይሰማ ድምፁን ብዙ ማሳደግ ይችላሉ፤ ጆሮ ላይ ቀለል ብሎ የሚያርፍ ስፖንጅ ያለው ዓይነት ግን በጸጥታ ውስጥ ድምፅ ያፈስሳል። እርሱ የሰማበትን ደረጃ ከለዩ በኋላ የሄድፎኑን ቁልፍ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ጭነት ዝቅ አድርገው ያንን የሥራ ቀን ጣሪያዎ ያድርጉት።